ከ«ይላኩ» ወደ «ይልካሉ»፦ ከስብሰባ በኋላ የተላከ አንድ ኢሜይል እንዴት እንደተስተካከለ

## ቢሮው እና ሰዎቹ

ቢሮው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ለመምህራን የአጭር ጊዜ ሥልጠና ያዘጋጃል። ሠራተኞቹ ዘጠኝ ነን። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ደብዳቤም አረቅቃለሁ። ይህን የምጽፈው በአስተባባሪዋ ፈቃድ ነው፤ የማንንም ስም አልጠቅስም።

ኅዳር 2017 ላይ አንድ ትልቅ ሥራ ከፊታችን ነበር። ከ12 ትምህርት ቤቶች የሚመጡ 48 መምህራን ከታኅሣሥ 7 እስከ 9 አዳማ ላይ ሊሠለጥኑ ነው። ማክሰኞ ኅዳር 10 ተሰብስበን ሥራ ተከፋፈልን። ስብሰባው አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሁሉም «እሺ» ብሎ ወጣ። ችግሩ የመጣው በማግስቱ ጠዋት፣ በኢሜይል ነው።

አስተባባሪዋ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት። ኃላፊነቱን ከያዘች ገና ስድስት ወሯ ነበር። የሂሳብ ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። የግዥ ባለሙያው እና የሥልጠና ባለሙያዋ ደግሞ የአስተባባሪዋ እኩዮች ናቸው፤ ምሳ አብረው ነው የሚበሉት። ይህን የምናገረው በምክንያት ነው። በአማርኛ ለሰው ሥራ ስንሰጥ ግሱ ራሱ ያን ሰው በምን ዓይን እንደምናየው ይናገራል። ለአንድ ሰው በቀጥታ ስንናገር «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ሳንመርጥ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አንችልም። አንድ ኢሜይል ለዘጠኝ ሰው ሲሄድ ይህ ምርጫ ከባድ ይሆናል።

## የመጀመሪያው ኢሜይል

ረቡዕ ኅዳር 11 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የደረሰን ይህ ነበር፦

> ርዕስ፦ አስቸኳይ
>
> ለሁላችሁም፣
>
> በትናንትናው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ተግባራት በተቀመጠላቸው ጊዜ እንድትፈጽሙ አሳስባለሁ።
>
> 1. ሂሳብ ክፍል የአበል ክፍያ ሰነዱን እስከ ሐሙስ ያዘጋጅ።
> 2. የሥልጠና ባለሙያዋ ሞጁሉን አጠናቅቃ እስከ ዓርብ ትላክ።
> 3. የግዥ ባለሙያው የ3 ሆቴሎችን ፕሮፎርማ ሰብስቦ እስከ ዓርብ ያቅርብ።
> 4. ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ።
> 5. ትራንስፖርት ይመቻች።
>
> ማንኛውም መዘግየት ያስጠይቃል።
>
> ግልባጭ፦ ለዳይሬክተሩ

አስተባባሪዋ ማንንም ልታስቀይም አላሰበችም። የቢሮ ጽሑፍ እንዲህ ነው የሚጻፈው ብላ ነው። «አሳስባለሁ»፣ «ያስጠይቃል»፣ «በተወሰነው መሠረት» ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተወረሱ ቃላት ናቸው። ብዙዎቻችን ብዕር ስንይዝ እነሱ ቀድመው ይመጣሉ። ፊት ለፊት ግን ለግዥ ባለሙያው «ያስጠይቅሃል» ብላው አታውቅም።

እስከ ቀትር መልስ የጻፈ የለም። ከሰዓት በኋላ የግዥ ባለሙያው ለሁላችንም አንድ መስመር ላከ፦ «እኔ ስብሰባው ላይ ማክሰኞ ነው ያልኩት።» ጋሼ ምንም አልጻፉም። ወደ አስተባባሪዋ ክፍል ሄደው በሩ ላይ ቆሙ። እኔም እዚያ ነበርኩ።

«ልጄ፣ 'ያዘጋጅ' ያልሽው እኔን ነው ክፍሉን?» አሏት።

«ኧረ ጋሼ፣ ክፍሉን ማለቴ ነው» አለች፣ ደንግጣ።

«ክፍሉ እኔ ብቻዬን ነኝ። ደግሞ እኔ ያልኩት ዝርዝሩ ሲደርሰኝ ነው። እዚህ ላይ ዝርዝሩ የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።»

የጉዳዩ ዋና ነጥብ በዚህ ንግግር ውስጥ ነበር። እኛ ግን ያን ቀን የሰማነው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ቅሬታቸው የአክብሮት ብቻ መሰለን።

## ሁለተኛው ኢሜይል፣ ለስላሳው

አስተባባሪዋ በጣም አዘነች። ዓርብ ኅዳር 13 ሌላ ላከች፦

> ውድ ባልደረቦቼ፣
>
> እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ አዳማው ሥልጠና ለማስታወስ ያህል ነው። ጊዜ ስታገኙ ደብዳቤውን፣ ሞጁሉንና ፕሮፎርማውን ብናየው ደስ ይለኛል። ለትራንስፖርቱም አንድ ነገር ብናደርግ ጥሩ ነው። ጋሼም ሲመችዎ ሰነዱን ቢያዩልን። ላስቸገርኳችሁ ይቅርታ።

ይህኛው ማንንም አላስቆጣም። ማንንም ግን አላንቀሳቀሰም። ማክሰኞ ኅዳር 17 ጠዋት ስናይ የመጣው ፕሮፎርማው ብቻ ነበር። እሱም ባለሙያው ከመጀመሪያው «ማክሰኞ» ስላለ እንጂ ኢሜይሉ አምጥቶት አይደለም።

«ብናየው» ስንል የሚያየው ማነው? «ጊዜ ስታገኙ» ሲባል ሥራው መቼ ይፈለጋል? የሥልጠና ባለሙያዋ በኋላ የነገረችኝን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ሁለተኛውን ሳነብ ሥልጠናው የተራዘመ መስሎኝ ነበር።» ትዕዛዝ የመሰለውን ለማለዘብ ሲባል ቀኑም ባለቤቱም አብሮ ወጥቷል። ማለዘብ ያለበት አነጋገሩ ሆኖ ሳለ የለዘበው ይዘቱ ነው።

## ቃለ ጉባኤውን ስንከፍት

ያን ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አስተባባሪዋ ጠራችኝ። «ምን ብዬ ልጻፍላቸው?» አለች። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን አመጣሁ። ስብሰባ ላይ ሰው ያለውን በተቻለኝ መጠን በራሱ ቃል ነው የምይዘው። ያንን ከመጀመሪያው ኢሜይል ጎን አስቀምጠን አንድ በአንድ አስተያየን።

ጋሼ ያሉት «የሰልጣኞቹ ዝርዝር ከደረሰኝ በ3 ቀን አዘጋጃለሁ» ነው። ኢሜይሉ ላይ «እስከ ሐሙስ» ሆኗል። ዝርዝሩ ደግሞ አልነበረም። በዚያ ላይ ሐሙስ ኅዳር 12 ነው፤ የኅዳር ሚካኤል። ቢሮ ባይዘጋም ጋሼ ፈቃድ ከጠየቁ ሰንብተዋል።

የሥልጠና ባለሙያዋ ያለችው «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ዓርብ እልካለሁ፣ ሦስተኛው ገምጋሚው ጋ ነው» ነው። ኢሜይሉ ላይ «አጠናቅቃ ትላክ» ሆኗል። ስንደውልላት ያልጠበቅነውን ነገረችን። ሁለቱ ምዕራፎች ዓርብ አልቀው ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጠዋል። ኢሜይሉ «አጠናቅቃ» ስለሚል ሦስተኛውን እየጠበቀች ነው። ከፋፍላ መላክ የተባለችውን መጣስ መስሏታል። ያለቀ ሥራ በአንድ ቃል ምክንያት አራት ቀን ቆመ።

የደብዳቤው ነገር ከሁሉም የከፋ ነበር። ስብሰባው ላይ አንድ ሰው «ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ያስፈልጋል» ብሏል። ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀናል። «እኔ እጽፋለሁ» ያለ ግን የለም። ኢሜይሉም «ደብዳቤ ይጻፍ» ብሎ አለፈው።

ይህ ቃል እንዴት እንደሚነበብ ልብ በሉ። «ጻ» ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰው እንዲጽፍ ነው፤ «እሱ ይጻፍ» እንደማለት። ጠብቆ ሲነበብ ደብዳቤው እንዲጻፍ ነው፣ በማንም ይሁን በማን። አጻጻፋችን መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። የሥልጠና ባለሙያዋ አላልታ አነበበችው። ከላይ ያለው ተራ ቁጥር 3 ስለ ግዥ ባለሙያው ስለሆነ ደብዳቤውንም እሱ የሚጽፍ መሰላት። የግዥ ባለሙያው ደግሞ አጥብቆ አነበበው፤ አንድ ሰው ይጽፈዋል ብሎ ተወው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ደብዳቤው ግን ለአንድ ሳምንት አልተጻፈም።

ከዚያ አስተባባሪዋ እርሳስ ይዛ ቀስት መሳል ጀመረች። ጽሕፈት ቤቱ የመምህራኑን ስም የሚሰጠን ደብዳቤው ሲደርሰው ነው። ጋሼ የአበል ሰነዱን የሚያዘጋጁት ስሙ ሲደርሳቸው ነው። ስለዚህ ባለቤት የሌለው ተራ ቁጥር 4፣ ተራ ቁጥር 1ን አስሮት ነበር። ጋሼ ማድረግ በማይችሉት ነገር ነው «ያስጠይቃል» የተባሉት። በሩ ላይ ቆመው የተናገሩት ሁለተኛው ግማሽ ይህ ነበር።

አስተባባሪዋ እርሳሷን አስቀመጠች። «አነጋገሬ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዲያ ነበር የመሰለኝ። ሰዎቹ ትዕዛዝ ሆኖ የተሰማቸው ግሱ ሻካራ ስለነበረ ብቻ አልነበረም። በራሳቸው አፍ የገቡት ቃል ተቀይሮ ተመለሰላቸው። «ማክሰኞ አመጣለሁ» ያለ ሰው «እስከ ዓርብ ያቅርብ» ሲባል ስምምነቱ የትም የለም።

## ሦስተኛው ኢሜይል

ከመጻፋችን በፊት አስተባባሪዋ ሁለት ቦታ ደወለች። ለአስተዳደር ባልደረባችን ስለ መኪናው፣ ለሥልጠና ባለሙያዋ ስለ ሁለቱ ምዕራፎች። ጋሼ ጋ በእግሯ ሄደች። ሁሉም ተደምሮ 15 ደቂቃ ያህል ነው የወሰደው። ደብዳቤውን እኔ ላርቅቅ አልኩ፤ እሷ ልታስፈርም ወሰደች።

የላከችው ይህንን ነው፦

> ርዕስ፦ የአዳማ ሥልጠና፦ ማን፣ ምን፣ መቼ
>
> ጤና ይስጥልኝ፣
>
> ኅዳር 10 በየራሳችን የያዝነውን ሥራ ከቃለ ጉባኤው ጋር አስተያይቼ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ባለፈው ረቡዕ የላክሁት ላይ አንዳንዱ ቀን እናንተ ካላችሁት የተለየ ነበር። ይቅርታ፣ እዚህ ተስተካክሏል።
>
> ደብዳቤ። ቃለ ጉባኤ ያዣችን ዛሬ አርቅቆ ይሰጠኛል። እኔ አስፈርሜ ነገ ረቡዕ ኅዳር 18 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ እልካለሁ።
>
> የስም ዝርዝር። ከጽሕፈት ቤቱ ተከታትዬ ዓርብ ኅዳር 20 እስከ 11 ሰዓት ለጋሼ አደርሳለሁ።
>
> አበል። ጋሼ ዝርዝሩ በደረሳቸው በ3 የሥራ ቀን የክፍያ ሰነዱን ያዘጋጃሉ። ዝርዝሩ ዓርብ ከደረሰ ረቡዕ ኅዳር 25 ይሆናል።
>
> ሞጁል። የሥልጠና ባለሙያዋ ያለቁትን 2 ምዕራፎች ነገ ትልካለች። ሦስተኛውን ገምጋሚው እንደመለሰው፣ ቢዘገይ ማክሰኞ ኅዳር 24። ማተሚያ ቤቱ 4 ቀን ይፈልጋል።
>
> አዳራሽ። የግዥ ባለሙያው የ3ቱን ሆቴሎች ፕሮፎርማ ዛሬ አምጥቷል፣ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ኅዳር 19 አወዳድሮ ያቀርባል። ሥልጠናው በጾመ ነቢያት ስለሚውል የጾም ምግብ ዋጋም ይካተታል።
>
> መኪና። የአስተዳደር ባልደረባችን ለእሑድ ታኅሣሥ 6 ከሰዓት በኋላ ያስይዛል።
>
> ዕቃ። የንብረት ባልደረባችን ፕሮጀክተሩንና ማከፋፈያ ገመዱን ዓርብ ታኅሣሥ 4 ፈትሾ ያዘጋጃል።
>
> ቀኑ የማይመቸው ወይም እኔ በትክክል ያልያዝኩለት ካለ እስከ ነገ 6 ሰዓት ይንገረኝ፤ አስተካክዬ እልካለሁ።

## ምን ተቀየረ?

ትልቁ ለውጥ ግሱ ነው። «ያዘጋጅ» የነበረው «ያዘጋጃሉ»፣ «ትላክ» የነበረው «ትልካለች»፣ «ያቅርብ» የነበረው «ያቀርባል» ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሰውየውን ያዝዛሉ። ሁለተኛዎቹ ሰውየው ያለውን ይመዘግባሉ። ጋሼ ስብሰባ ላይ «አዘጋጃለሁ» ብለዋል፤ ኢሜይሉ «ያዘጋጃሉ» ይላል። ቃሉ የሳቸው ነው፣ የተቀየረው ተናጋሪው ብቻ ነው። ታዲያ ሥራውም ቀኑም ቅንጣት አልላላም።

«እባክዎ» ለምን አልጨመራችሁም የሚለኝ ይኖራል። መጀመሪያ ሞክረነዋል። ለአንድ ሰው አንድ ነገር ስንጠይቅ «እባክዎ ይላኩልኝ» ጥሩ ነው። በአንድ ዝርዝር ላይ ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ግን ወይ ልመና ይመስላል፣ ወይ የሰለቸው ሰው ድምፅ ይኖረዋል። ሰው አደርገዋለሁ ብሎ ቃል ለገባበት ነገር ደግሞ እንደገና መለመን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ለውጥ ቅደም ተከተሉ ነው። የመጀመሪያው ኢሜይል ከሂሳብ ክፍል ጀመረ። ይኸኛው የጀመረው ቀድሞ መሠራት ካለበት ነገር ነው። ያ ደግሞ የአስተባባሪዋ የራሷ ሥራ ሆኖ ተገኘ። «እልካለሁ»፣ «አደርሳለሁ» ብላ ስትጀምር፣ ከዚያ በታች ያሉት «ያዘጋጃሉ» እና «ትልካለች» ከሷ ግስ ጋር አንድ ረድፍ ላይ ቆሙ። ይህን ስንጽፍ አስበን ያደረግነው አልነበረም። ደጋግሜ ሳነበው ነው ያየሁት።

ቀን ሲጻፍ የሳምንቱ ቀንና የወሩ ቀን አብረው ተቀምጠዋል። «እስከ ሐሙስ» ብቻ ሲባል ሚካኤል ላይ መዋሉን ጸሐፊው አያይም። «ሐሙስ ኅዳር 12» ብሎ የጻፈ ሰው ግን እጁ ይቆማል።

«ማንኛውም መዘግየት ያስጠይቃል» ወጣ። በቦታው «ማተሚያ ቤቱ 4 ቀን ይፈልጋል» ገባ። ሰው መዘግየቱ ምን እንደሚያበላሽ ካወቀ ራሱ ይጠነቀቃል። ለዳይሬክተሩ የነበረው ግልባጭም ወጣ። ዳይሬክተሩ ስብሰባው ላይ ያልነበሩ ናቸው፤ ሥራም አልያዙም። ስማቸው ያለበት ኢሜይል ለእኛ «እየተመለከቷችሁ ነው» የሚል ነበር። አስተባባሪዋ ለሳቸው ለብቻ ሁለት መስመር ጻፈችላቸው።

## የሠራው

የሥልጠና ባለሙያዋ ሁለቱን ምዕራፎች በዚያው ማታ ላከች። ደብዳቤው ረቡዕ ከ6 ሰዓት በፊት ሄደ። የግዥ ባለሙያው ሐሙስ ጠዋት ንጽጽሩን አመጣ፣ የጾም ምሳ ዋጋውን ለብቻ አስፍሮ።

ይበልጥ ያስተማረኝ ግን የተስተጓጎለው ነው። ዓርብ ኅዳር 20 ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ዝርዝር የ45 ሰው ብቻ ነበር። የሦስቱ ስም ሰኞ መጣ። በመጀመሪያው ኢሜይል ቢሆን ጋሼ ዘግይተዋል ይባል ነበር። አሁን ግን ራሳቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለሁላችንም መልስ ጻፉ፦ «የሦስት ሰው ስም ዛሬ ስለደረሰኝ 3ቱ ቀን ከነገ ይቆጠራል። ሐሙስ ኅዳር 26 አስረክባለሁ።» ሐሙስ ከሰዓት በፊት ሰነዱ አስተባባሪዋ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቅድመ ሁኔታው ስለተጻፈ ማስታወሻ መላክ አላስፈለገም፤ ሰበብ መፈለግም አላስፈለገም።

## ያልሠራው

ያልሠራው መስመር የዕቃው ነው። የንብረት ባልደረባችን ኅዳር 10 መስክ ላይ ነበር፤ ስብሰባው ውስጥ አልነበረም። እኛ ግን እንደ ሌሎቹ «ፈትሾ ያዘጋጃል» ብለን ጻፍንለት። ማንም አልደወለለትም። ከመስክ ሲመለስ ኢሜይሉን አነበበና በጣም ተከፋ። «ትእዛዝ ቢሆን እኮ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «ትእዛዝ ከሆነ እሺ ወይም እምቢ እላለሁ። ይሄ ግን አስቀድሜ እሺ ያልኩ ነው የሚያስመስለው።»

እውነቱን ነው። «ያዘጋጃል» የሚለው ግስ ጨዋ የሚሆነው ሰውየው በእርግጥ «አዘጋጃለሁ» ያለ እንደሆነ ብቻ ነው። ካላለ ከ«ያዘጋጅ» ይብሳል፤ ካፉ ያልወጣ ቃል ነው የሚያስቀምጥበት። ላልነበረ ሰው መጻፍ የነበረብን እንዲህ ነው፦ «ስብሰባው ላይ ስላልነበርክ ልጠይቅህ፦ ፕሮጀክተሩንና ማከፋፈያ ገመዱን እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 4 ፈትሸህ ልታዘጋጅልን ትችላለህ? ካልተመቸህ እስከ ሰኞ ብትነግረኝ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።» ይህ ለብቻው የሚላክ ነው፣ ከዝርዝሩ በፊት። እሺ ሲል ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።

ሌላም የተውነው ነገር አለ። በመጀመሪያው ረቂቅ ለሁሉም «እርስዎ» ብለን ነበር፤ «የግዥ ባለሙያው ያቀርባሉ» እያልን። አስተባባሪዋ ለግዥ ባለሙያው ቀድማ ብታሳየው «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» አላት። ምሳ አብሮ የሚበላን ሰው ድንገት አንቱ ማለት ማራቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በተለመደው አጠራሩ ተውነው። ጋሼ «ያዘጋጃሉ»፣ እሱ «ያቀርባል»፣ እሷ «ትልካለች»። በአንድ ገጽ ላይ መደባለቁ ማንንም አላስከፋም፤ ቢሮ ውስጥም እንዲሁ ነው የምንነጋገረው።

ሠንጠረዥም ሞክረን ነበር። በኮምፒውተር ያምራል። አብዛኞቻችን ግን ኢሜይል የምናነበው በስልክ ነው፣ ስልክ ላይ ዓምዶቹ ተሰባበሩ። ደግሞ «ዝርዝሩ በደረሳቸው» የሚለው ቅድመ ሁኔታ በጠባብ ሳጥን ውስጥ አልገባ አለ። ቅድመ ሁኔታው ከሚወጣ ሠንጠረዡ ይቅር አልን።

## ሌላ ቢሮ ሊወስደው የሚችለው

ይህ አጻጻፍ የሚያገለግለው ስምምነት ለነበረበት ሥራ ነው። ኅዳር 24 ሆቴሉ ደውሎ «ዛሬ እስከ 9 ሰዓት ቅድሚያ ክፍያ ካልገባ አዳራሹን ለሌላ እንሰጣለን» ሲል አስተባባሪዋ ኢሜይል አልጻፈችም። ለግዥ ባለሙያው ደውላ «ቶሎ ድረስልኝ፣ አዳራሹ ሊሄድ ነው» አለችው። ትዕዛዝ ነው፣ ማንም አልተከፋም፤ ምክንያቱ አብሮት ነበር።

ለስምምነቱ ግን አንድ ቀላል ፈተና አለ። እያንዳንዱን መስመር ወደ «እኔ» መልሱት። «ትልካለች» ወደ «እልካለሁ»፣ «ያቀርባል» ወደ «አቀርባለሁ»። ያ ሰው ይህንን ዓረፍተ ነገር፣ ከነቀኑ፣ ከነቅድመ ሁኔታው ተናግሮታል? ከተናገረ ይጻፍ። ካልተናገረ አንድ ስልክ ይቀራችኋል። «ይጻፍ»፣ «ይመቻች»፣ «ይታይ» የሚል መስመር ካጋጠማችሁ ደግሞ ወደ «እኔ» ሊመለስ አይችልም፤ ባለቤት እንደሌለው የምታውቁት በዚያ ነው።

እኛ ቢሮ አሁን ይህን ፈተና ወደ ስብሰባው ራሱ አምጥተነዋል። የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ላይ አስተባባሪዋ ዙሪያውን ትጠይቃለች፤ እያንዳንዱ የራሱን ዓረፍተ ነገር በ«እኔ» ይናገራል፣ እኔ እንዳለ እጽፋለሁ። ያልተናገረ ካለ ያን ጊዜ ይታያል። ጋሼ ተራቸው ሲደርስ ቀን ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን ያወልቁና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ከኔ በፊት ያለው የማን ሥራ ነው?» ያ ሰው ቀኑን ሲናገር እሳቸው ደብተራቸው ላይ ይጽፉና «እንግዲህ ከዚያ በ3 ቀን አዘጋጃለሁ» ይላሉ።